ለንግድ ሕንፃ ትራንስፎርመር ሲመረጥ፦ ፊውዙ ከግዢው በፊት ይታሰብ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነበር። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንድ ቀን ሁሉም ነገር ደህና ይሠራል፤ አንዳንድ ቀን ግን ምሰሶው ላይ ካሉት ሦስት ፊውዞች አንዱ ይቃጠልና አብዛኛው ሕንፃ ይደበዝዛል። ባለቤቱ 315 ኪሎ ቮልት አምፔር የነበረውን ትራንስፎርመር በ500 ከቀየሩ ገና ሁለት ወራቸው ነበር። «ኢንጂነር፣ የተሸጠልኝ የተበላሸ ዕቃ ነው» አሉኝ። ዕቃው አልተበላሸም። ትራንስፎርመሩ ሲቀየር ፊውዙ አልተቀየረም፤ ፊውዙን የሚያቃጥለው ይኸው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ትራንስፎርመርና ፊውዝ ለየብቻ መርጬ አላውቅም። ከዚህ በታች የምሄድበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ሕንፃ አሳያለሁ። ሕንፃው ደብረ ብርሃን ላይ የሚሠራ ነው፤ ምድር ቤቱ ሱቆች፣ አንደኛው ፎቅ ባንክና ቢሮ፣ ከዚያ በላይ አርባ ክፍሎች ያሉት ሆቴል ከነምግብ ቤቱ። መስመሩ 15 ኪሎ ቮልት ነው። በአገራችን 33 ኪሎ ቮልት የሚሄድባቸው መስመሮችም ስላሉ፣ የትኛው በበርዎ እንደሚያልፍ ከሁሉ በፊት ከአገልግሎት ሰጪው በጽሑፍ ይጠይቁ። ከዚህ በኋላ ያለው ስሌት ሁሉ በዚያ ቁጥር ላይ ይቆማል።

1. ጭነቱን በሰዓት ይደምሩ

የተለመደው ስህተት በሕንፃው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ደምሮ ያንኑ የሚያህል ትራንስፎርመር መግዛት ነው። በምሳሌያችን ሁሉም ዕቃ ቢደመር 295 ኪሎ ዋት ይመጣል። በ0.87 የኃይል ፋክተር ሲካፈል ወደ 340 ኪሎ ቮልት አምፔር ነው፤ 500 እንግዛ የሚባለውም ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ነገር ግን የባንኩ ኮምፒውተሮችና የሆቴሉ የውሃ ማሞቂያዎች በአንድ ሰዓት አይሠሩም። ስለዚህ ቀኑን በሦስት ከፍሎ ማየት ይሻላል። ቁጥሮቹ በኪሎ ዋት ናቸው።

| ጭነት | የተገጠመ | ንጋት 12–2 ሰዓት | እኩለ ቀን | ምሽት 1–3 ሰዓት |
|---|---|---|---|---|
| የውሃ ማሞቂያ | 80 | 60 | 8 | 32 |
| ወጥ ቤት | 45 | 36 | 40 | 36 |
| ሱቆች | 60 | 6 | 40 | 48 |
| ባንክና ቢሮ | 50 | 3 | 40 | 12 |
| አሳንሰርና ፓምፕ | 25 | 15 | 15 | 15 |
| መብራትና ክፍሎች | 35 | 18 | 8 | 20 |
| ድምር | 295 | 138 | 151 | 163 |

ከፍተኛው የምሽቱ 163 ኪሎ ዋት ነው፤ በ0.87 ሲካፈል 187 ኪሎ ቮልት አምፔር። በሰንጠረዡ ውስጥ ሁለት መስመሮች የቦታውን ጠባይ ይዘዋል። ደብረ ብርሃን ብርዳማ ስለሆነች የንጋት ሻወር አብዛኛውን ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ያስነሣል፤ ለሞቃት ከተማ የተሠራ ስሌት ቢገለበጥ ይህን አያሳይም። ሁለተኛው ወጥ ቤቱ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ይወስዳል፤ አራት ምጣድ በአንድ ጊዜ ሲጣድ ከአሥራ ሁለት እስከ አሥራ ስድስት ኪሎ ዋት ይደርሳል።

ሕንፃው አስቀድሞ የሚሠራ ከሆነ ግን ሰንጠረዡን ይተዉትና ዋናው ብሬከር ላይ መመዝገቢያ መሣሪያ አስረው ቢያንስ አንድ ሳምንት ይለኩ። የገበያ ቀን በሳምንቱ ውስጥ ይግባ። ሆቴል ከሆነ የጥር ሠርግ ያለበትን ሳምንት ቢያገኙ ደግሞ ከዚያ የተሻለ መለኪያ የለም።

2. መጠኑንና ከፍታውን ይወስኑ

ለወደፊት ዕድገት ሩብ ያህል እጨምራለሁ፤ 187 ላይ ሲታከል 234 ይሆናል። 200 ዛሬውኑ 94 በመቶ ይጫናል፤ ለዕድገት ቦታ የለውም። 315 ዛሬ 59 በመቶ፣ ዕድገቱ ሲመጣ 74 በመቶ ይጫናል። ምርጫዬ 315 ነው።

ቀጥሎ ከፍታ። ዓለም አቀፉ ደረጃ የተጻፈው እስከ 1000 ሜትር ለሚተከል ትራንስፎርመር ነው። ደብረ ብርሃን 2800 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት በደንብ አይወስድም፤ በዘይት ለሚቀዘቅዝ ትራንስፎርመር የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ከ1000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 400 ሜትር በአንድ ዲግሪ ይቀንሳል። ለእኛ አራት ተኩል ዲግሪ ያህል ነው። ደረጃው የሚያስበው የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት 20 ዲግሪ ስለሆነና የደብረ ብርሃን ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ብርዱ ይህን ጉድለት ይሸፍነዋል።

ብርድ የማይሸፍነው የኢንሱሌሽኑን ነገር ነው። ስስ አየር ኤሌክትሪክን በቀላሉ ያሳልፋል፤ ስለዚህ በውጭ በኩል በተርሚናሎች መካከል ያለው የአየር ርቀት ከ1000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ በመቶ መጨመር አለበት። ለደብረ ብርሃን 18 በመቶ ማለት ነው። በትእዛዝ ወረቀቱ ላይ «ለ3000 ሜትር ከፍታ የተነደፈ» የሚል ይጻፍ፤ ዕቃው ሲመጣም የስም ሰሌዳው ላይ ያንኑ ይፈልጉ። ሸዋ ሮቢት ላይ ለሚሠራ ሰው ነገሩ ይገለበጣል። ከፍታው 1300 ሜትር እንኳ ስለማይሞላ ርቀቱ አያሳስብም፤ ቆላው ግን ሞቃት ነውና አማካዩ ከ20 ዲግሪ ያለፈውን ያህል የሚፈቀደው የሙቀት ጭማሪ ይቀነሳል። የአንዱን ከተማ ምርጫ ለሌላው መገልበጥ አይቻልም፤ ሁለቱም ሰሜን ሸዋ ቢሆኑም።

3. ብክነቱን በዓመት ያስሉ

ትራንስፎርመር ሁለት ዓይነት ብክነት አለው። አንዱ የብረት እምብርቱ ብክነት ነው፤ ሱቁ ቢዘጋም ባይዘጋም ሌሊት ከቀን ይቆጥራል። ሌላው የጠመዝማዛው ብክነት ነው፤ ከጭነቱ ስኩዌር ጋር ይጨምራል፤ ማለትም በግማሽ ጭነት ሩቡ ብቻ ነው።

ሁለት ሻጮች 315 አቀረቡልን እንበል። የመጀመሪያው 360 ዋት የእምብርትና 3900 ዋት የሙሉ ጭነት ብክነት አለው፤ ሁለተኛው 650 እና 5000። ዋጋው ሁለተኛው ይቀንሳል። የሕንፃችን ቀን አራት ሰዓት በ187፣ አሥር ሰዓት በ120፣ አሥር ሰዓት በ50 ኪሎ ቮልት አምፔር ቢያልፍ፣ የጭነቱ ስኩዌር አማካይ 0.13 ይሆናል።

```
W = (P0 + 0.13 × Pk) × 8.76
W1 = (360 + 0.13 × 3900) × 8.76 ≈ 7,600 kWh
W2 = (650 + 0.13 × 5000) × 8.76 ≈ 11,400 kWh
```

ልዩነቱ በዓመት 3800 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ይህን በሚከፍሉት ታሪፍ ያባዙት፤ በሃያ ዓመትም ያባዙት፤ ከዚያ የዋጋውን ልዩነት ያስተያዩ። ሻጩ ሁለቱን የብክነት ቁጥሮች በፋብሪካ የሙከራ ወረቀት ካላሳየ እኔ አልገዛም።

እዚህ ላይ በሐቀኝነት ልናገር የሚገባ ነገር አለ። ከፍ ያለ ትራንስፎርመር ሁልጊዜ ብዙ ያባክናል የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። 510 ዋት የእምብርትና 5500 ዋት የሙሉ ጭነት ብክነት ያለው 500 በዚሁ ሕንፃ ላይ በዓመት 7000 ያህል ብቻ ያባክናል፤ ከ315ቱ እንኳ ጥቂት ያነሰ ነው። 500 እንዳይገዛ የምከራከረው በብክነት አይደለም። ከዋጋው ባሻገር ቀጥለው በሚመጡት ሁለት ምክንያቶች ነው።

4. ኢምፔዳንሱን ከብሬከሮቹ ጋር ያስተያዩ

በስም ሰሌዳው ላይ በመቶኛ የተጻፈው ኢምፔዳንስ፣ ከትራንስፎርመሩ በታች ሽቦ ቢነካካ፣ ማለትም አጭር ዙር ቢፈጠር፣ ምን ያህል ከረንት እንደሚፈስ ይነግራል። እስከ 630 ኪሎ ቮልት አምፔር ለሚደርሱት የተለመደው 4 በመቶ ነው።

```
I2 = 315 / (1.732 × 0.4) = 455 A
Isc = 455 / 0.04 = 11.4 kA
```

ዋናው የማከፋፈያ ሰሌዳ ላይ 16 ኪሎ አምፔር የሚችል ብሬከር ካለ 11.4 ይበቃዋል። ትራንስፎርመሩ 500 ቢሆን ግን አጭር ዙሩ 18 ኪሎ አምፔር ይደርሳል፤ ያው ብሬከር እንዲያቋርጥ ሲጠየቅ ራሱ ሊፈነዳ ይችላል። የድሮውን 315 አውርዶ 500 የሚሰቅል ሰው ሰሌዳውንም መመርመር አለበት። ከዋናው ሰሌዳ አጠገብ ያሉት የሱቅ ሳጥኖችም ይታዩ፤ በውስጣቸው ብዙ ጊዜ 6 ኪሎ አምፔር ብቻ የሚችሉ ትንንሽ ብሬከሮች አሉ፤ የሚያድናቸው በመካከል ያለው ኬብል ርዝመት ነው።

ታዲያ ኢምፔዳንሱን ከፍ አድርጎ 6 በመቶ ማዘዝ አይሻልም? አጭር ዙሩ ወደ 7.6 ኪሎ አምፔር ይወርዳል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጭነት ጊዜ የሚወርደው ቮልቴጅ ይጨምራል፤ ከዚያም በላይ የፊውዙን ሥራ ያከብደዋል። ለምን እንደሆነ ቀጥሎ ይታያል።

5. ኢንራሽ ከረንትና ፊውዝ

ትራንስፎርመር ኃይል ሲያገኝ ለአፍታ እጅግ ከፍተኛ ከረንት ይስባል። ኢንራሽ የሚባለው ይህ ነው። የብረት እምብርቱ ባለፈው ሲጠፋ የቀረ መግነጢስ በውስጡ አለ፤ ማብሪያው የበራበት ቅጽበት ከዚያ ቀሪ መግነጢስ ጋር በመጥፎ ከተገጣጠመ ብረቱ ይጠግባል። የጠገበ ብረት እንደሌለ ይቆጠራል፤ ጠመዝማዛው ባዶ መጠምጠሚያ ይሆንና ከረንቱ ይዘላል። ቅጽበቱ ሲስማማ ግን ምንም አይሰማም። ዛሬ ይዞ ነገ የሚያቃጥለው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ባለሙያዎች «ከታች ያለውን ብሬከር ከፍቼ፣ ማለትም አቋርጬ፣ ትራንስፎርመሩን ባበራው ኢንራሹ ይቀንሳል» ይላሉ። አይቀንስም። ኢንራሽ የእምብርቱ ጉዳይ እንጂ የጭነቱ አይደለም። ብሬከሩን መክፈት የሚጠቅመው ማሞቂያዎቹና ፓምፑ በላዩ ላይ እንዳይደራረቡ ነው፤ ለዚህ ሲባል ከፍቶ ማብራቱ ጥሩ ልማድ ነው።

ለስሌት የሚያዘው ልማዳዊ መጠን ሙሉ ጭነቱን 12 ጊዜ አባዝቶ ለ0.1 ሰከንድ፣ 25 ጊዜ አባዝቶ ለ0.01 ሰከንድ ነው። አምራቹ የራሱን ቁጥር ከሰጠ የእርሱን ይያዙ።

```
I1 = 315 / (1.732 × 15) = 12.1 A
12 × 12.1 = 145 A  (0.1 s)
```

አሁን ምሰሶው ላይ ወደተንጠለጠለው ፊውዝ እንምጣ። በፊውዙ ቱቦ ውስጥ ያለው የኬ ዓይነት፣ ማለትም ፈጣን የሚባለው፣ ክር በ0.1 ሰከንድ ለመቅለጥ ቢያንስ የሚፈልገው ከረንት በደረጃ የተወሰነ ነው፤ ለ10 ኬ 128 አምፔር፣ ለ12 ኬ 166፣ ለ15 ኬ 215፣ ለ20 ኬ 273፣ ለ25 ኬ 350። «12 አምፔር ነው የምወስደው፤ 10 ኬ ወይም 12 ኬ ይበቃል» ማለት የሚያሳስተው እዚህ ነው። 10 ኬ በ145 ይቀልጣል። 12 ኬ ለጥቂት ይተርፋል፤ ግን የተረፈ ክር ያልተጎዳ ክር አይደለም። በእያንዳንዱ ኢንራሽ በከፊል እየሞቀና እየላላ ቆይቶ አንድ ቀን ያለ ምንም ምክንያት ይበጠሳል። ስለዚህ ኢንራሹ ከማቅለጫው ከረንት 75 በመቶ እንዳያልፍ አደርጋለሁ። የ12 ኬ 75 በመቶ 125 ነው፤ አይበቃም። የ15 ኬ 161 ነው፤ 145ን ይሸከማል። ለ315 የምመርጠው 15 ኬ ነው።

ወደ መጀመሪያው ሕንፃ እንመለስ። 500 ትራንስፎርመር በ15 ኪሎ ቮልት 19.25 አምፔር ይወስዳል፤ ኢንራሹ 231 ነው። ቱቦው ውስጥ የነበረው ያው የድሮው 15 ኬ ሲሆን የሚቀልጠው በ215 ነው። መጥፎ ቅጽበት ሲገጥም ይቃጠላል፤ ደህና ቅጽበት ሲገጥም ይይዛል፤ ባለቤቱ ሲያዩት የነበረው ይኸው ነው። ለዚያ ትራንስፎርመር የሚገባው 25 ኬ ነበር፤ 20 ኬ እንኳ 75 በመቶው 205 ስለሆነ አያደርስም።

ከመድረሴ በፊት አንድ ሠራተኛ በተቃጠለው ክር ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ጠምዝዞ አስገብቶ ነበር። ቱቦውን ሳወርደው አፉ ጠቁሮ፣ ሽቦው ግን እንደ አዲስ ያብረቀርቅ ነበር። ይህ ፊውዝ አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ ውስጥ ጉዳት ቢደርስ የሚያቋርጠው የሰፈሩ መስመር ሪሌይ፣ ማለትም ከረንት ሲበዛ መስመሩ እንዲቋረጥ የሚያዝ መሣሪያ፣ ብቻ ነው፤ ያ ማለት ሰፈሩ ሁሉ ይጨልማል፤ ሪሌዩ እስኪያቋርጥም ዘይቱ ይነድዳል።

ፊውዙ ከላይም ገደብ አለው። ከታች፣ ትራንስፎርመሩ አፍ ላይ ሦስቱም ፌዝ ቢነካኩ ወደ 15 ኪሎ ቮልቱ የሚሻገረው 12.1 ሲካፈል ለ0.04፣ ማለትም 303 አምፔር ነው። 15 ኬ ይህን ከ0.1 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያቋርጣል። አንድ ፌዝ ብቻ ከኒውትራል ጋር ቢነካካ ግን ዴልታ–ስታር በሚባለው የጠመዝማዛዎች ግንኙነት ምክንያት በ15 ኪሎ ቮልቱ በኩል የሚታየው 175 ብቻ ነው። ኢምፔዳንሱ 6 በመቶ ቢሆን ደግሞ 117 ይሆናል፤ ከኢንራሹ ከ145 ያነሰ። ኢንራሽን እንዲያሳልፍ የተመረጠ ፊውዝ ያን ጉዳት ቶሎ ሊያየው አይችልም። በትንንሽ ትራንስፎርመሮች ላይ 4 በመቶን የምወደው ስለዚህ ነው። በመደበኛ ከመጠን በላይ ጭነት ላይ ደግሞ ይህ ፊውዝ አይታመንም፤ ያ ሥራ ከታች በ450 አምፔር የተስተካከለው ዋናው ብሬከር ነው።

በፊውዝ ፈንታ ሪሌይ ያለው ማብሪያ ካለ፣ ወዲያውኑ የሚያቋርጠው ደረጃ ከ303 ከፍ ብሎ 400 አምፔር አካባቢ ይቀመጥ፤ ያኔ ኢንራሹም ከታች የሚነሣ አጭር ዙርም አያንቀሳቅሰውም። ዘግይቶ የሚያቋርጠው ክፍል ዲጂታል ከሆነ የሁለተኛ ሃርሞኒክ መከልከያው በ15 በመቶ ገደማ ሥራ ላይ ይዋል፤ ኢንራሽ በሁለተኛ ሃርሞኒክ፣ ማለትም ከመስመሩ ፍሪኩዌንሲ በእጥፍ በሚመላለስ ከረንት፣ የተሞላ ነው፤ አጭር ዙር ግን አይደለም፤ ሪሌዩ የሚለያቸው በዚህ ነው። ቁጥሮቹን ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ሪሌይ ጋር ሳያናብቡ አያስቀምጡ፤ የእርስዎ መከላከያ ከእርሱ ቀድሞ መሥራት አለበት።

6. ሲበራና ሲቃጠል የሚታዩ ምልክቶች

በከፍተኛ ቮልቴጅ በኩል ያለውን ሥራ የሚነካው የተፈቀደለት ባለሙያ ብቻ ነው፤ መስመሩ ተቋርጦ፣ ተፈትሾ፣ መሬት ተይዞ። ከማብራት በፊት የኢንሱሌሽን ሬዚስታንስ በሜገር ይለካ። የጠመዝማዛው ሬዚስታንስ በቀጥተኛ ከረንት ተለክቶ ከሆነ መግነጢሱ ይራገፍ፤ ያ ሙከራ በእምብርቱ ውስጥ ጠንካራ ቀሪ መግነጢስ ይተዋል፤ የመጀመሪያው ማብራትም በዚያው ቀን ፊውዝ ሊያቃጥል ይችላል። የቮልቴጅ መምረጫውም ይታይ፤ ከመስመሩ ትክክለኛ ቮልቴጅ በታች ከተቀመጠ እምብርቱ ሁልጊዜ ከመጠን በላይ ይሞላል፤ ብክነቱም ኢንራሹም ይጨምራል።

ከላይ ከሦስቱ ፊውዞች አንዱ መቃጠሉ ከታች በቀላሉ ይታወቃል። አንዱ ፌዝ ከኒውትራል ጋር 230 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ ሁለቱ ግን ወደ 115 ይወርዳሉ። አምፖሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ማቀዝቀዣዎች ያጉረመርማሉ፤ የአሳንሰሩና የፓምፑ ሞተር ሳይዞር ይሞቃል። ዋናው ብሬከር ላይ የፌዝ መጥፋት መቆጣጠሪያ ሪሌይ መግጠም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ፊውዝ ሲቃጠል ክር ለውጦ ቱቦውን መልሶ መዝጋት ቀላል ነው፤ እኔ ግን ሦስት ነገር ሳልመለከት አልዘጋም። ዋናው ብሬከር ተከፍቶ እያለ ነው የተቃጠለው? ሜገሩ ደህና ንባብ ይሰጣል? ዘይት የፈሰሰበት፣ ያበጠ ወይም የቃጠሎ ሽታ ያለው ቦታ አለ? ያለ ጭነት ተቃጥሎ፣ ሜገሩ ደህና ሆኖ፣ ሽታም ከሌለ ኢንራሽን እጠረጥራለሁ፤ የፊውዙን ቁጥር ከስሌቱ ጋር አስተያያለሁ። ሜገሩ ከወረደ ወይም ዘይት ከወጣ ግን መልሶ መዝጋት የለም፤ ትራንስፎርመሩ ይወርዳል። አንዱ ከተቃጠለ ሦስቱንም ክር እለውጣለሁ፤ የተረፉት ሁለቱ ያንኑ ኢንራሽ ቀምሰዋል።

የባለቤቱ ሕንፃ በ25 ኬ ክሮች ተስተካከለ። ከዚያ በፊት ግን ሰሌዳውን ከፍተን ስናይ ዋናው ብሬከር 16 ኪሎ አምፔር ብቻ የሚችል ሆኖ ስላገኘነው በ25 ኪሎ አምፔር ቀየርነው። «ትራንስፎርመሩን ስገዛ ይህን ሁሉ የነገረኝ የለም» አሉኝ፤ የድሮውን ብሬከር በእጃቸው እያገላበጡ።